ከአርባ አንድ ቅሬታ አራት ሥራ

«ምግቡ ቀዝቅዞ ነው የመጣው።» «አስተናጋጅ ብንጠራ ብንጠራ የሚሰማን አጣን።» «ሒሳቡ ሜኑው ላይ ካለው ይበልጣል።» «ሽሮው የጾም ነው ተብሎ ቅቤ ቅቤ ይላል።» «እጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና የለም።»

እንዲህ ያለ ቃል በየምግብ ቤቱ በየቀኑ ይነገራል። ባለቤቱ ጆሮ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው። አንዱ ለአስተናጋጇ ተነግሮ እዚያው ይቀራል፣ ሌላው ሒሳብ ሲከፈል ለካሸሯ ይወረወራል፣ አንዳንዱ ጉግል ማፕ ላይ ከአንድ ኮከብ ጋር ይጻፋል፣ የቀረው ምግብ በሚያደርሰው ሞተረኛ በኩል ይመጣል። ባለቤቱ በደንብ የሚሰማው አብሮት የሚበላ ወዳጁን ነው። ወዳጁ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ካለ በማግስቱ ወጥ ሠሪዋ ትወቀሳለች። ከዚያ የከፋው ችግር ግን ማንም ሳይነካው ይሰነብታል።

የተበታተነውን ቅሬታ ሰብስቦ ባለቤቱ በእርግጥ ሊሠራው ወደሚችል አጭር ዝርዝር ማውረድ ይቻላል። ለማሳያ ያህል አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቢሮ በበዛበት ሰፈር ያለ፣ ሃያ ያህል ጠረጴዛ ያለው፣ የጾምም የፍስክም ምግብ የሚሸጥ ቤት እናስብ።

የመጀመሪያው ሥራ አንድ ደብተር ካሸሯ ጋ ማስቀመጥ ነው። ቅሬታ የሰማ ሁሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታዘዘውን ምግብና ደንበኛው የተናገረውን ቃል እንዳለ ይጽፋል። «መስተንግዶ መጥፎ ነው» ተብሎ ተጠቃሎ የተጻፈ ቅሬታ ምንም አያሠራም። «ረቡዕ፣ 7፡10፣ በያይነቱ፣ ‘ወጡ ቀዝቅዟል፣ ውኃ ብጠይቅም አልመጣልኝም’» ተብሎ የተጻፈው ግን ፍንጭ አለው። ደብተሩ ላይ የአስተናጋጅ ስም ፈጽሞ አይጻፍ። አስተናጋጆች በተጻፈው ቅሬታ ደሞዛቸው የሚቆረጥ ከመሰላቸው ደብተሩ በሳምንት ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ባለቤቱም ቤቱ የተስተካከለ ይመስለዋል። ስልክ ላይ ያለው፣ ቴሌግራም የተላከው፣ ጉግል ማፕ ላይ የተጻፈውም ወደዚያው ደብተር ይገለበጣል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ይጣራል። ሁለት ነገር የያዘ ንግግር ለሁለት ይከፈላል፤ ከላይ ያለው የረቡዕ ደንበኛ አንድ የመቀዝቀዝ፣ አንድ የአስተናጋጅ መጥፋት ቅሬታ አለው። አንድ ሰው ያንኑ ገጠመኝ ለካሸሯም ነግሮ ጉግል ማፕ ላይም ጽፎት ከሆነ ደግሞ እንደ አንድ ይቆጠራል። በእኛ ቤት ይህ ሲደረግ አርባ አንድ ቅሬታ ቀረ እንበል። አሥራ ዘጠኙ ስለ መዘግየት፣ ስለ ቀዘቀዘ ምግብና ስለ አስተናጋጅ መጥፋት ነው። ስምንቱ ስለ ሒሳብ፣ አምስቱ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ሳሙና፣ አራቱ ስለ ጨው፣ ሁለቱ ስለ ሙዚቃ ጩኸት፣ ሁለቱ በጾም ሽሮ ስለተገኘ ቅቤ ነው። አንዱ ደግሞ ክትፎ ለብለብ በልተው ሁለት ሰዎች እንደታመሙ በስልክ የተነገረ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ከብዛቱ ብቻ ይነሣል። ጥቂት መንስኤ አብዛኛውን ጥፋት ይሸከማል የሚለውን ሐሳብ ለፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ያስተማረው ጆሴፍ ጁራን ነበር፤ ስሙን ግን በጣሊያናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በፓሬቶ ሰየመው። ሐሳቡ ይጠቅማል። እንደተባለውም ከአርባ አንዱ አሥራ ዘጠኙ አንድ ቦታ ተከማችቷል። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ብዛት ብቻውን አያስኬድም፤ የሚያሳምም ነገር አንድ ጊዜ ቢነገርም ከሁሉ ይቀድማል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው አንድ ጊዜ ብቻ ከተነገረው፣ ከክትፎው ነው። ሰው ሲታመም ጥፋቱን የሚጥለው መጨረሻ በበላው ምግብ ላይ ነው፤ ከምግብ የሚመጣ በሽታ ግን አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ስለሚታይ አንድ የስልክ ጥሪ ጥፋቱ የቤቱ መሆኑን አያረጋግጥም። ለደዋዩ መልሶ ደውሎ አብረው ከነበሩት ማን ምን እንደበላና ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመረ በትሕትና መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ ሊለካ የሚችለውን መለካት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሥጋ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ አይገባም። በእኛ ቤት ቴርሞሜትር ሲገባ ጠዋት 4፣ ምሳ ሰዓት ላይ 11 አነበበ እንበል። ምክንያቱ ፍሪጁ አጠገብ ጥቂት ቆሞ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው፦ ሥጋውና ለስላሳው አንድ ፍሪጅ ውስጥ ናቸው፤ በምሳ ሰዓት አንድ ጠርሙስ በታዘዘ ቁጥር በሩ ይከፈታል። መብራት ሲጠፋማ ይብሳል። መፍትሔው ለስላሳውን ወደ ሌላ ፍሪጅ ማዛወርና ቴርሞሜትሩን ከሥጋው ጋር መተው ነው። ይህ ግን የኮሶ ትልን አይከላከልም። እሱን የሚከላከለው በቄራ ተመርምሮ ማኅተም ያለው ሥጋ መግዛትና ማብሰል ስለሆነ፣ ክትፎ በጥሬው የሚሸጥ ቤት ሥጋውን ከየት እንደሚያመጣ አብሮ ይመርመር።

ከዚያ የሚከተለው የጾሙ ሽሮ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ከስምንቱ የሒሳብ ቅሬታ አስቀድመዋለሁ። የሚጾም ሰው ቅቤ የነካ ሽሮ ከቀረበለት የሚጎዳው እምነቱ ነው። ሁለተኛ አይመለስም፤ ለቢሮ ጓደኞቹም ይነግራል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጭልፋ ለሁለቱም ድስት ማገልገሉ፣ ወይም የፍስክ ሽሮ የወጣበት ሸክላ በደንብ ሳይታጠብ ለጾሙ መዋሉ ነው። ለጾም ብቻ የሚሆን ጭልፋና ሸክላ ለይቶ ምልክት ማድረግ ወጪው አነስተኛ ነው።

አሥራ ዘጠኙ ላይ ስንደርስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ዘገየ»፣ «ቀዘቀዘ»፣ «አስተናጋጅ ጠፋ» ሦስት የተለያዩ ቅሬታዎች ይመስላሉ። ባለቤቱም ሦስት መፍትሔ ያስባል፦ ተጨማሪ ወጥ ሠሪ፣ ምግብ ማሞቂያ፣ ለአስተናጋጆች ማስጠንቀቂያ። ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ደብተሩን በቀን ይደርድረው። በእኛ ቤት አብዛኞቹ ረቡዕና ዓርብ፣ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ባለው ጊዜ ተሰብስበዋል። የጾም ቀን ነውና የታዘዘው ሁሉ በያይነቱ ነው። በያይነቱ ደግሞ ወጡ አስቀድሞ ስለሚደርስ ከጥብስ ይልቅ ቶሎ የሚወጣ ምግብ ነው። ታዲያ ለምን ይዘገያል?

ይህን ለማወቅ አንድ ሰው ወረቀትና ሰዓት ይዞ በአንድ ረቡዕ ምሳ የወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ይቁም። ለአሥራ ሁለት ትዕዛዝ ሦስት ሰዓት ይጻፍ፦ ትዕዛዙ ወጥ ቤት የገባበትን፣ ሳህኑ መስኮቱ ላይ የወጣበትንና ጠረጴዛ የደረሰበትን። በእኛ ቤት ወጥ ቤቱ በአማካይ 7 ደቂቃ ወሰደ፤ ሳህኑ መስኮቱ ላይ ቆሞ የጠበቀው ግን 9 ደቂቃ ነው። ወጡ የሚቀዘቅዘው እዚያ ነው። አስተናጋጆቹ በዚያ ሰዓት የት እንዳሉ ሲታይ ካሸሯ ፊት ተሰልፈው ደረሰኝ ይጠብቃሉ። የደረሰኝ ማሽኑ አንድ ነው፤ ቀድመው የበሉ ደንበኞች ደግሞ ወደ ቢሮ ለመመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሒሳብ ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ አስተናጋጅ የሚያነሣው የራሱን ጠረጴዛ ሳህን ብቻ ስለሆነ እሱ እስኪመለስ ሌላው አይነካለትም።

ሦስቱም ቅሬታ ከዚህ ከአንድ ሰልፍ የሚወጣ ነው። ተጨማሪ ወጥ ሠሪ ቢቀጠር ሳህኑ መስኮቱ ላይ የባሰ ይከማች ነበር። የሚያስፈልገው ረቡዕና ዓርብ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ከአስተናጋጆቹ አንዱ ትዕዛዝም ሒሳብም ሳይቀበል፣ የማንም ጠረጴዛ ይሁን፣ ከመስኮቱ እያነሣ ብቻ እንዲያደርስ ማድረግ ነው።

የሒሳቡ ነገር ቀላል ነው። ሜኑው ላይ 400 ብር የተባለ ምግብ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት 460 ብር ይሆናል፤ ደንበኛውም የተታለለ ይመስለዋል። ታክሱን የጨመረ ዋጋ ሜኑው ላይ መጻፍ ስምንቱን ቅሬታ በአንድ ጊዜ ያነሣል። ሳሙናው ዝርዝር ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይገዛ፤ በእጅ በሚበላበት ቤት ይህ ሊቀጠር አይገባም። ጨውና ሙዚቃ ደብተሩ ላይ ይቆዩ። አራቱ የጨው ቅሬታ በአራት የተለያየ ምግብ ላይ ከሆነ የሰው ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ወጥ ላይ ከተደገመ ግን በሚቀጥለው ወር ይታያል።

ለባለቤቱ የሚሰጠው ወረቀት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፦

1. ለስላሳው ዛሬ ከሥጋው ፍሪጅ ይውጣ። ኃላፊዋ ዋና ወጥ ሠሪዋ ናት። ጠዋትና 7 ሰዓት ላይ ሙቀቱን ትጽፋለች፤ ከ5 ዲግሪ ካለፈ ወዲያውኑ ለባለቤቱ ትናገራለች።
2. የጾም ጭልፋና ሸክላ እስከ ማክሰኞ ይለይ። ኃላፊዋ እሷው ናት። ረቡዕ ጠዋት ባለቤቱ ራሱ ያያል።
3. ከሚመጣው ረቡዕ ጀምሮ አንድ አስተናጋጅ መስኮቱ ላይ ይመደብ። ኃላፊው የአስተናጋጆቹ አለቃ ነው። ሳህን መስኮት ላይ ከ2 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ፤ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ይለካ።
4. ታክስ የተጨመረበት ሜኑ በወሩ መጨረሻ ይታተም። ኃላፊዋ ካሸሯ ናት።

አምስተኛ ሥራ ለመጨመር የሚፈልግ ባለቤት ከአራቱ አንዱን ጨርሶ ይጨምር። ውጤቱንም በጠቅላላው የቅሬታ ብዛት አይመዝን። ደብተር መኖሩ ሲታወቅ ዝም ይል የነበረው ደንበኛ መናገር ስለሚጀምር፣ በመጀመሪያው ወር ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። የሚታየው መስኮቱ ላይ ያለው ደቂቃና ቴርሞሜትሩ ላይ ያለው ዲግሪ ነው።

እርስዎም በደንበኝነት ሲቀርቡ ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢገጥምዎ «አይረባም» ብለው አይለፉት። ያዘዙትን ምግብ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰው ለካሸሯ ይንገሩ፤ ባለቤቱ ሊሠራበት የሚችለው ቅሬታ እንዲህ ያለው ነው።