ሁለት ሳምንት፣ ሠላሳ ምዕራፍ፦ የማይፈርስ የጥናት ፕሮግራም እንዴት ይወጣል?

ሠላሳ ምዕራፍ ለአሥራ አራት ቀን ሲካፈል በቀን ሁለት ምዕራፍ ገደማ ይደርሳል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የጥናት ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በዚህ ስሌት ነው። በቀለም ያሸበረቀ ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፤ ምዕራፎቹም አንድ ሳይቀር ገብተውበታል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይፈርሳል። ተማሪው ስንፍናውን ይወቅሳል፤ ወላጅም እንደዚያው። ብዙ ጊዜ ግን የተሳሳተው ስሌቱ ነው፤ ምዕራፉ በቀን ተካፈለ እንጂ አንድ ምዕራፍ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ በቀን ውስጥም ስንት ሰዓት እንዳለ ማንም አልለካም።

እንዲህ ያለው ስህተት የተማሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቡህለር፣ ዴል ግሪፊን እና ማይክል ሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እያገባደዱ የነበሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀው ነበር። አማካይ ግምታቸው 34 ቀን ገደማ ሆነ። በተግባር የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነው። ይበልጥ የሚገርመው፣ «ነገር ሁሉ ቢበላሽባችሁስ?» ተብለው የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን አካባቢ ነበር። ሰው ክፉውን ሁሉ አስቦ ሲገምት እንኳ ያሳንሳል ማለት ነው። ስለዚህ የጥናት ፕሮግራም በግምት ሳይሆን በልኬት መውጣት አለበት።

ነገሩን በአንዲት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ምሳሌ እንየው። ስድስት ፈተና ይጠብቃታል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ። እያንዳንዱ ከ100 ይታሰባል፤ ድምሩ 600 ነው፤ ማለፊያው ግማሹ፣ 300። ያልነካቻቸው ምዕራፎች ከሒሳብ 9፣ ከፊዚክስ 8፣ ከባዮሎጂ 7፣ ከኬሚስትሪ 6 ናቸው እንበል። በድምሩ 30።

ስንት ሰዓት አለ?

አሥራ አራቱ ቀናት አሥራ አራት አይደሉም። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ብዙ ተማሪዎች የሚፈተኑት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ ጓዝ ማሰናዳቱ፣ መንገዱ፣ የመኝታ ድልድሉና ገለጻው ሁለት ቀን ያህል ይበላል። በእነዚያ ቀናት የሚጠና ነገር ቢገኝ ትርፍ ነው እንጂ አይታቀድም። ለተማሪያችን የቀሯት 12 ቀናት ናቸው።

ከዚያ ቀኑን ትመዝናለች። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ የቤት ሥራ፣ መላላክ፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ በሙሉ ልብ ልታጠናበት የምትችለው በቀን 6 ሰዓት ሆነ። ይህንን ሁለት ሁለት ሰዓት በሆኑ ሦስት ክፍለ ጊዜያት ትመድበዋለች፦ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:30፣ ከረፋዱ 4 እስከ 6፣ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት። በ12 ቀን 36 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ይህ ቁጥር ያስደነግጣል፤ ግን እውነተኛ ነው።

ከ36ቱ ውስጥ ስድስቱ ባዶ ይተዋሉ፤ በየሁለተኛው ቀን የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ምንም አይመደብበትም። እንግዳ ሲመጣ፣ ራስ ምታት ሲነሳ፣ አንድ ምዕራፍ ከታሰበው በላይ ሲከብድ የሚካካሰው በእነሱ ነው። ከቀሩት 30 ውስጥ ስምንቱ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን በሰዓት ይዞ ለመሥራት ይሄዳሉ፦ ለእንግሊዝኛና ለአፕቲትዩድ ሁለት ሁለት፣ ለአራቱ ሌሎች አንድ አንድ። አዲስ ምዕራፍ ለመማር የሚተርፈው 22 ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ምዕራፍ ስንት ይፈጃል?

ይህንን የሚመልሰው ሰዓት ነው። ከየትምህርቱ አንድ አንድ ምዕራፍ ስታጠና የጀመረችበትንና የጨረሰችበትን ሰዓት ትጽፋለች። «መጨረስ» ማለት ግን መጽሐፉን አንብቦ መዝጋት አይደለም። መጽሐፉን ከድና ከዚያ ምዕራፍ የወጡ አሥር ጥያቄዎችን ስትሠራ ቢያንስ ሰባቱን ካገኘች ነው የጨረሰችው።

ይህ መለኪያ የተመረጠበት ምክንያት አለው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ ዛሬ «ገብቶኛል» ያሰኛል፤ ፈተናው ግን ዛሬ አይደለም።

ልኬቱ እንዲህ ወጣ እንበል፦ ባዮሎጂ ለአንድ ምዕራፍ 3 ሰዓት፣ ኬሚስትሪ 4፣ ሒሳብና ፊዚክስ 6 ሰዓት። ሁሉንም ለመሸፈን ሒሳብ 27፣ ፊዚክስ 24፣ ኬሚስትሪ 12፣ ባዮሎጂ 10 ተኩል ክፍለ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ድምሩ 73 ተኩል። በእጇ ያለው 22 ነው። ከሦስት እጅ አንዱ እንኳ አይሸፈንም። እንቅልፍ መቀነስም ሆነ ቡና መጠጣት ይህን ልዩነት አይሞላውም። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ «እንዴት ልጨርስ?» መሆኑ ይቀርና «የትኛውን ልተው?» ይሆናል።

የቱ ይቀራል?

ሁሉም ትምህርት እኩል ከ100 ስለሚታሰብ በባዮሎጂ የተገኘ አንድ ነጥብ በፊዚክስ ከተገኘ አንድ ነጥብ አያንስም። ስለዚህ ምዕራፎች የሚወዳደሩት በክብደታቸው ሳይሆን በአንድ ሰዓት ጥናት ስንት ነጥብ እንደሚያስገኙ ነው። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ፈተናዎችን አስቀምጦ ከየምዕራፉ ስንት ጥያቄ እንደወጣ መቁጠር፣ ከዚያም ወደ መቶኛ መቀየር ያስፈልጋል፤ 50 ጥያቄ ባለበት ፈተና አንድ ጥያቄ 2 ነጥብ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ በቅርብ ዓመታት ስለተቀየረ በአሮጌ ፈተና ላይ ያለ ርዕስ አሁን ባለው መጽሐፍ ውስጥ ላይኖር ወይም ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። የዘንድሮው ፈተና ከየትኛው ክፍል መጽሐፍ እንደሚወጣ ከመምህር ማረጋገጥ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት የሚሠራ ነው።

ለምሳሌ አንድ የፊዚክስ ምዕራፍ 8 ነጥብ፣ አንድ የባዮሎጂ ምዕራፍ 6 ነጥብ ይዞ ተገኘ እንበል። ሲታይ የፊዚክሱ ይሻላል። ነገር ግን ፊዚክሱ 6 ሰዓት ስለሚፈጅ በሰዓት የሚሰጠው አንድ ነጥብ ከሲሶ ነው፤ ባዮሎጂው ሁለት ይሰጣል። ባዮሎጂው ይቀድማል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ምዕራፎች የተያያዙ ናቸው። ዴሪቫቲቭን ሳያውቁ ወደ ኢንተግራል መግባት አይቻልም። የሞል ስሌት የማይገባው ተማሪ ከአሲድና ቤዝ ስሌቶች ብዙ አያተርፍም። ስለዚህ የኢንተግራል ዋጋ 6 ሰዓት ሳይሆን፣ መሠረቱ ከሌለ፣ 12 ሰዓት ነው። በዝርዝሩ ላይ አትራፊ የመሰለ ምዕራፍ በዚህ ምክንያት ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

ተማሪያችን ይህን ሁሉ አስልታ ከባዮሎጂ 4፣ ከኬሚስትሪ 3፣ ከሒሳብ 2፣ ከፊዚክስ 1 ምዕራፍ መረጠች። 21 ክፍለ ጊዜ ሆነ። የቀረችውን አንዷን ለተተዉት ምዕራፎች ሰጠች፤ በመጽሐፉ የየምዕራፉ መጨረሻ ላይ ያለውን ማጠቃለያ ብቻ አንብባ ትርጉሞችንና ፎርሙላዎችን በአንድ ወረቀት ታወጣለች። ከ30 ምዕራፍ አሥሩን በደንብ ይዛ ገባች ማለት ነው። ሠላሳውን ገርፋ ከምትገባ ይህ የተሻለ ነጥብ ያመጣል።

አደራደሩ

አዲስ ምዕራፍ የሚጠናው በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት ብቻ ነው። በእነዚህ ቀናት አራቱ ባዶዎች ሲነሱ 23 ክፍለ ጊዜ ይኖራል፤ 22ቱ ለመማር፣ አንዱ ለአፕቲትዩድ ልምምድ ይሆናል። ሒሳብና ፊዚክስ አእምሮ ትኩስ በሆነበት ጠዋት፣ ባዮሎጂ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ። እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሲጀመር የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ቀድሞ የተጠናውን ደብተር ሳያዩ ባዶ ወረቀት ላይ ለመጻፍ ነው። ከአሥረኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን የቀሩት ሰባት የፈተና ልምምዶች ይሠራሉ፤ የተሳሳቱትም ይታረማሉ። አዲስ ነገር አይከፈትም።

መፍረሱ እንዴት ይታወቃል?

ፕሮግራሙ የሚፈተሸው በአራተኛው ቀን ማታ ነው። እስከዚያ 10 ክፍለ ጊዜ ተመድቦ ነበር። ሁለቱን ባዶዎች ተጠቅማም የ7ቱን ሥራ ብቻ ከጨረሰች፣ እውነተኛ ፍጥነቷ ከአሥር ሰባት ነው። ያመለጡት 3 ከቀሩት 20 ጋር ሲደመሩ 23 ይሆናሉ፤ በዚህ ፍጥነት ግን የምትሠራው 14ቱን ነው። ስለዚህ የ9 ክፍለ ጊዜ ሥራ ዛሬውኑ ይሰረዛል። ገና ያልተጀመሩ አንድ የሒሳብና አንድ የፊዚክስ ምዕራፍ 6፣ አንድ የኬሚስትሪ ምዕራፍ 2፣ የማጠቃለያዋ ክፍለ ጊዜ 1 ይመልሳሉ። የፈተና ልምምዱ አይነካም።

ብዙዎች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ያመለጠውን በነገው ላይ ይደርቡታል፤ የነገው ከነገ ወዲያ ላይ ይደረባል፤ በመጨረሻ ፕሮግራሙ በሙሉ ይጣላል። ያመለጠ ክፍለ ጊዜ የሚሄድበት ቦታ ባዶው ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ባዶው ካለቀ ምዕራፍ ይቀነሳል እንጂ እንቅልፍ አይቀነስም። ሌላው ምልክት የሚወዱት ትምህርት ከተመደበለት ሰዓት እያለፈ መሄዱ ነው፤ ሦስት ሰዓት የተሰጠው የባዮሎጂ ምዕራፍ አምስት ሰዓት ከፈጀ፣ ትርፉ ሁለት ሰዓት የተወሰደው ከከባዱ ትምህርት ነው።

ይህ አሠራር ዓመቱን ሙሉ ያልተጠናን ትምህርት አይተካም፤ ከፍተኛ ውጤትም አይሰጥም። የሚያደርገው ያለውን 72 ሰዓት ብዙ ነጥብ በሚገኝበት ላይ ማዋል ነው። ወላጆችም በእነዚህ ሁለት ሳምንታት «ሁሉንም ጨረስክ ወይ?» ማለቱን ትተው፣ ሦስቱን ክፍለ ጊዜያት ከመላላክና ከእንግዳ ቢጠብቁላቸው ከየትኛውም ምክር ይልቅ ይጠቅማል።