ውሃው ይቅደም፣ ፖታሲየሙ ይከተል

የነርሲንግ ተማሪዎች የፈሳሽና የጨው መዛባትን የሚያጠኑት ብዙውን ጊዜ በሰንጠረዥ ነው። ሶዲየም ሲያንስ ይህ ምልክት፣ ፖታሲየም ሲያንስ ያኛው፣ ውሃ ሲያንስ ደግሞ ሌላው እየተባለ በየረድፉ ይሸመደዳል። ለፈተና ይበቃ ይሆናል። አንድ በተቅማጥ የተጎዳ ሕፃን ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ግን እነዚህ ሁሉ በአንድ ገላ ላይ ተደራርበው ይመጣሉ። የላቦራቶሪ ውጤት የሚጠበቅበት ጊዜም የለም። እዚያ ላይ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ የትኛው ምልክት አሁን ይታከማል? የትኛው ቆይቶ ይደርሳል?

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት የ18 ወር ሕፃን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥና ትውከት ይዟታል። ሚዛን ላይ 10 ኪሎ ትመዝናለች። እናቷ አቅፋት ገብታ «ሲስተር፣ ዓይኗ ጎድጉዶ አደረ፤ ጡትም አልይዝ አለችኝ» ትላለች።

በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምርመራው ተጋምሷል። በጤና ጣቢያዎቻችን በሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ከባድ የፈሳሽ እጥረትን የሚያሳዩት ምልክቶች አራት ናቸው፦ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት፣ የዓይን መጎድጎድ፣ መጠጣት አለመቻል፣ ተቆንጥጦ የተለቀቀ ቆዳ በጣም ዘግይቶ መመለስ። ከአራቱ ሁለቱ ከታዩ ከባድ ነው። የዓይኗ መጎድጎድ አንድ፣ ጡት አለመያዟ ሁለት። ነርሷ ያም ሆኖ ቆዳዋን ትቆነጥጣለች፤ በእምብርትና በጎን መካከል ያለውን ቆዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከላይ ወደ ታች መስመር ይዛ፣ ለአንድ ሰከንድ አቆይታ ትለቃለች። ቆዳው ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት «በጣም ዘገየ» የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ተማሪዎች በጥፍራቸው ጫፍ ወይም አግድም ይቆነጥጡና የተሳሳተ ነገር ያነባሉ።

ከባድ የፈሳሽ እጥረት ማለት የሰውነት ክብደት 10 ከመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ በውሃ መልክ ወጥቷል ማለት ነው። ለ10 ኪሎ ሕፃን ይህ አንድ ሊትር ነው። መመሪያው በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ይሰጥ የሚለውም ለዚህ ነው፤ የጠፋውን ያህል መመለስ። ዕድሜዋ ከዓመት በላይ ስለሆነ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 300 ሚሊ ሊትር፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይገባል። የቀረው 700 ሚሊ ሊትር በቀጣዩ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሰጣል። ከዓመት በታች ብትሆን ግን ያው መጠን በዝግታ፣ የመጀመሪያው በ1 ሰዓት፣ ቀሪው በ5 ሰዓት ይሰጥ ነበር።

ይህን ወደ ነጠብጣብ መቀየር የነርሷ ሥራ ነው። የድሪፑ መስመር 20 ጠብታ ለአንድ ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ፣ የመጀመሪያው 300 ሚሊ ሊትር በደቂቃ 200 ጠብታ ይጠይቃል። ይህን ያህል ጠብታ በዓይን መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ይለቀቅና ከሕፃኗ አጠገብ ሳይርቁ በቦርሳው ላይ ያለው መስመር በየደቂቃው ይታያል። ቀሪው 700 በደቂቃ 93 ጠብታ ያህል ነው፤ እሱ ይቆጠራል። በግማሽ ሰዓቱ መጨረሻ የእጅ አንጓ የደም ትርታ አሁንም በጣም ደካማ ከሆነ ወይም ካልተገኘ የመጀመሪያው 300 አንድ ጊዜ ይደገማል። የደም ሥር አልገኝ ብሎ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊደረስበት የሚችል ሌላ ጤና ተቋምም ከሌለ ኦአርኤስ በአፍንጫ ቱቦ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር በሰዓት፣ እስከ 6 ሰዓት ይሰጣል።

የሚሰቀለው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴት ነው። እሱ ከሌለ ኖርማል ሳላይን ይተካዋል። በየቤቱ የሚሰቀለው ሁሉ «ግሉኮስ» ስለሚባል ቤተሰብ ግሉኮስ ይሰካላት ብሎ ሊወተውት ይችላል። 5 ከመቶ ደክስትሮስ ብቻውን ግን ጨው የለውም። ስኳሩ ሲቃጠል የሚቀረው ንጹሕ ውሃ ስለሆነ በደም ሥር ውስጥ አይቆይም፤ የደሙን ሶዲየም ይበልጥ ያቀጥነዋል እንጂ ትርታውን አያነሳም። የቦርሳውን ጽሑፍ ሳያነቡ መስቀል እዚህ ላይ ሕይወት ያስከፍላል።

ፈሳሹ እየገባ ሳለ ተማሪን የሚያስደነግጥ አንድ ምልክት አለ። ሕፃኗ በጥልቀትና በፍጥነት ትተነፍሳለች። ብዙ ሰው ሳንባ ምች ነው ብሎ ድሪፑን ሊያዘገይ ይቃጣዋል። ከተቅማጡ ጋር ባይካርቦኔት ስለሚወጣ ደሟ አሲዳማ ሆኗል፤ ሳንባዋ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማስወጣት ይህን ለማካካስ ይሞክራል። መለያው እንዲህ ነው፦ ሳል የለም፣ ደረቷ ሲደመጥ ጥርት ያለ ነው፣ አተነፋፈሱም ውሃው ሲገባ እየረገበ ይሄዳል። ሪንገር ላክቴት የሚመረጠው በከፊል ለዚህ ነው፤ ላክቴቱ ጉበት ውስጥ ወደ ባይካርቦኔት ይለወጣል። ስለዚህ የዚህ ምልክት መድኃኒት ያው ውሃ ነው። በአንጻሩ አተነፋፈሷ ፈሳሹ ከጀመረ በኋላ ከመርገብ ይልቅ እየባሰ ከሄደ፣ ደረቷም ሲደመጥ መርጠብ ከተሰማ፣ ፈሳሹ በዝቶ ይሆናልና ወዲያውኑ ሐኪም ይጠራል።

አሁን ወደ ፖታሲየም። ተቅማጥ ፖታሲየምንም ይዞ ይወጣል፤ ሕፃኗ ስትመጣ ሰውነቷ ከፖታሲየም ደህይቷል። ታዲያ ለምን ወዲያው አይሰጣትም? ትርታዋ የደከመ ሕፃን ኩላሊቷ ደም ስለማይደርሰው ሽንት አይሠራም። ፖታሲየምን ከሰውነት የሚያወጣው ዋናው መንገድ ደግሞ ሽንት ነው። መውጫው በተዘጋበት ሰዓት በደም ሥር የተሰጠ ፖታሲየም እዚያው ይከማቻል፤ ልብንም ያቆማል። ሌላም ማታለያ አለ። ደሙ አሲዳማ ሲሆን ፖታሲየም ከሕዋሳት ውስጥ ወደ ደም ይወጣል። በዚያን ሰዓት የተቀዳ ደም የፖታሲየም ልኬቱ ደህና፣ አንዳንዴም ከፍ ያለ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ የሰውነት ክምችት ግን ባዶ ነው።

እውነቱ የሚገለጠው ውሃው ከገባና አሲዱ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ፖታሲየሙ ወደ ሕዋስ ይመለስና በደም ውስጥ ያለው ያሽቆለቁላል። ሁሉም ሰው «ዳነች» ብሎ በተዘናጋበት ሰዓት ሆዷ ይነፋል፣ የአንጀት ድምፅ ይጠፋል፣ አንገቷ መያዝ ያቅተዋል፣ ክንድና እግሯ ይዝላል። የልብ ትርታዋም ሊዛባ ይችላል። እኔ ብጠየቅ በተቅማጥ ሕክምና ውስጥ በጣም የሚዘነጋው ምልክት ይኸው የሆድ መነፋት ነው እላለሁ። እናት «ጋዝ ይዟት ነው» ትላለች፤ ተረኛውም ይስማማል።

ሽንት መውጣቱ እንግዲህ የመንገዱ መክፈቻ ነው። ሰዓቱና መጠኑ ቻርት ላይ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ፖታሲየም የሚሰጥበት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ አፍ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ኦአርኤስ በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሞል ፖታሲየም ይዟል፤ ሪንገር ላክቴት ግን 4 ያህል ብቻ አለው፣ ኖርማል ሳላይን ደግሞ ምንም የለውም። ሕፃኗ መዋጥ እንደቻለች፣ ድሪፑ ሳይነቀል፣ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በሰዓት፣ ማለትም 50 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ በማንኪያ የሚጀመርላት ለዚህም ጭምር ነው። ጡት ይቀጥላል፤ ሙዝም ይረዳል። ሆዷ ከተነፋ ወይም ከዛለች ግን ልኬት ይታዘዛል። ሐኪሙ በደም ሥር ፖታሲየም ካዘዘ በቦርሳ ውስጥ ተበጥብጦ፣ ቦርሳው በደንብ ተገለባብጦ፣ በዝግታና በክትትል ይገባል። ፖታሲየም ክሎራይድ በሲሪንጅ በቀጥታ ወደ ደም ሥር መግፋት ገዳይ ነው።

ከ3 ሰዓት በኋላ ምርመራው እንደ አዲስ ይደረጋል። ሕፃኗ አሁን ትነጫነጫለች፣ ሲሰጧትም በጉጉት ትጠጣለች፣ ቆዳዋ ግን ገና ትንሽ ይዘገያል እንበል። ይህ መካከለኛ እጥረት ነው። ስለዚህ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር፣ 750 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ በ4 ሰዓት ውስጥ፣ በየአንድ ሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ይሰጣታል። ካስመለሰች 10 ደቂቃ ተጠብቆ በዝግታ ይቀጥላል። የዓይኗ ሽፋን ማበጥ ከጀመረ ኦአርኤሱ ይቆምና ጡትና ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሰጣታል።

አንድ ልዩ ሁኔታ ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም። በከፍተኛ የምግብ እጥረት በተጎዳ ሕፃን ላይ የጎደጎደ ዓይንና የዘገየ ቆዳ ውሃ ባይጎድለውም ይታያሉ፤ ከቆዳው ሥር ስብ ስለሌለ ነው። የልቡ ጡንቻም ስለደከመ ከላይ ያልነው የፍጥነት ድሪፕ ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ላለው ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ሾክ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው፤ ያለበለዚያ ሶዲየሙ ያነሰ፣ ፖታሲየሙ የበዛ ሪሶማል በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየግማሽ ሰዓቱ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ስለዚህ ከመቆንጠጥ በፊት የክንድ ዙሪያ ይለካል፣ እግር ላይ እብጠት መኖሩም ይታያል።

የሶዲየም መዛባት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቤት ነው። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን የኦአርኤስ ከረጢት «ጠንከር ይበል» ብሎ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ሶዲየሙን ከሚገባው በእጥፍ ያደርሰዋል። ሕፃኑ ጥሙ አልቆርጥ ይለዋል፣ ይነጫነጫል፣ ባስ ሲልም ያንቀጠቅጠዋል። በተቃራኒው ቀኑን ሙሉ ውሃ ብቻ ወይም ቀጭን ሻይ ሲሰጠው ከዋለ ሶዲየሙ ይወርድና ይፈዛል፤ እሱንም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ሁለቱም ሲያንቀጠቅጡ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ነርሷ እናቲቱን «ምን ሰጠሻት? በስንት ውሃ በጠበጥሽው?» ብላ መጠየቅ አለባት። እግረ መንገዱንም የደም ስኳር ይለካል፤ የስኳር ማነስም እንዲሁ ያንቀጠቅጣል።

ቤት ውስጥ ለምታዘጋጁም ቃሌ ይኸው ነው፦ የላስቲክ ውሃ ጠርሙሶች ግማሽም፣ አንድም፣ ሁለት ሊትርም ስላሉ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ከረጢቱ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ስኳርም ጨውም አትጨምሩበት። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ ቀጣዩን ማንኪያ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።