ሞተሩ ለመናወጥ ስንት ቀረው?

ማይክራፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚሰማው ፉጨት ከማንም አፍ የወጣ አይደለም። ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክራፎኑ ውስጥ ይገባል፤ ዞሮ ሲመጣ ካልደከመና ከነባሩ ሞገድ ጋር እኩል ከተነሳና ከወደቀ ራሱን በራሱ ይመግባል። የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ሄንድሪክ ቦዴ የስልክ መስመር ማጉያዎች እንዲህ እንዳይናወጡ ሲሠራ ነገሩን ያየበት ሥዕል ዛሬ በስሙ ቦዴ ፕሎት ይባላል።

ሥዕሉ አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጡ ሁለት ኩርባዎች ነው። አግድም ያለው ለሁለቱም የጋራ ነው፤ የመወዛወዝ ፍጥነት፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲ፣ በእኩል እርምጃ አሥር አሥር እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። የላይኛው ምልክቱ በሉፑ ውስጥ ሲያልፍ ስንት እጥፍ እንደሆነ በዴሲቤል ያሳያል፤ 0 ዴሲቤል ማለት እንደገባ ወጣ ማለት ነው፣ 20 ደግሞ አሥር እጥፍ። የታችኛው ፌዙን፣ ማለትም ምልክቱ ምን ያህል እንደዘገየ፣ በዲግሪ ያሳያል። ሁለቱም የሚነበቡት ሉፑ በአንድ ቦታ ተቆርጦ ነው፤ ኦፕን ሉፕ የሚባለውም ለዚህ ነው።

አደጋው ያለው −180 ዲግሪ ላይ ነው። በፊድባክ የተመለሰው ምልክት ከትእዛዙ ይቀነሳል፤ መቀነስ ደግሞ ሞገዱን በ180 ዲግሪ መገልበጥ ነው። ሞተሩ በበኩሉ ሌላ 180 ካዘገየ ሙሉ ዙር ይሞላል፤ ሊያስተካክል የመጣው ግፊት አባባሽ ይሆናል። በዚያው ፍሪኩዌንሲ ጌይኑ 0 ዴሲቤል ከሆነ ውዝዋዜው ሳይበርድ ይቀጥላል። ስለዚህ ጥያቄው አንዱ ቅድመ ሁኔታ ሲሟላ ሌላው ምን ያህል ይቀረዋል የሚል ነው።

አንቴና የሚያዞር ሞተር እንውሰድ፤ ኦፕን ሉፑ ይህ ይሁን፦

```
L(s) = 4 / ( s (1 + 0.5s)(1 + 0.1s) )
```

መጀመሪያ የላይኛው ኩርባ 0 ዴሲቤልን የሚያቋርጥበትን እንፈልግ፤ 2.45 ራዲያን በሰከንድ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ነጥብ ማስመሪያውን ቀጥ አድርገን ወደ ታች ብናወርድ ፌዙ −155 አካባቢ ይነበባል። ወደ −180 የቀረው 25 ዲግሪ ፌዝ ማርጂን ነው። ጌይን ማርጂን ደግሞ በተቃራኒው ይነበባል፤ ፌዙ −180 የሚደርስበትን፣ ማለትም 4.47 ራዲያን በሰከንድን፣ ከታች ይዘን ወደ ላይ እንወጣለን። ጌይኑ −9.5 ዴሲቤል ነው፣ ማርጂኑም 9.5። ይህም ሦስት እጥፍ ማለት ስለሆነ 4 የነበረው ቁጥር 12 ሲደርስ አንቴናው መቆሚያ ያጣል።

9.5 ዴሲቤል ብቻውን ሲታይ ደህና ነው። 25 ዲግሪ ግን ለእኔ አይበቃም፤ ብዙ መሐንዲሶችም ከ45 እስከ 60 ይፈልጋሉ። በግምት፣ በ25 ዲግሪ አንቴናው የታዘዘውን ቦታ ከ40 በመቶ በላይ አልፎ ብዙ ጊዜ እየተወዛወዘ ነው የሚያርፈው። ቁጥሩን ከ4 ወደ 2 ብናወርደው የፌዝ ኩርባው አይነቃነቅም፤ የላይኛው ብቻ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ማቋረጫው ወደ 1.56 ይመለሳል፣ ፌዝ ማርጂኑም 43 ይሆናል። ዋጋው አንቴናው መዘግየቱ ነው።

በእጅ የሚስል ሰው ኩርባውን በቀጥታ መስመሮች ይተካዋል። መስመሮቹ በሚታጠፉበት ቦታ ከእውነተኛው ኩርባ በ3 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላሉ። በእኛ ሞተር መስመሩ 0 ዴሲቤልን 2.83 ላይ ያቋርጣል፤ እዚያ ፌዙን ያነበበ 20 ዲግሪ ገደማ ያገኛል። ስህተቱ ወደ ጥንቃቄው ጎን ስለሆነ ብዙ አይጎዳም።

የሚጎዳው ከሥዕሉ የቀረ መዘግየት ነው። ኮምፒውተሩ ትእዛዝ አስልቶ እስኪልክ 0.1 ሰከንድ ቢወስድበት የላይኛው ኩርባ ቅንጣት አይለወጥም፣ የታችኛው ግን በ2.45 ላይ 14 ዲግሪ ይወርዳል። ከ25ቱ 11 ይቀራል። መዘግየቱ 0.18 ሰከንድ ሲደርስ ምንም አይቀርም፣ ቀመሩን ግን ማንም አልነካውም። ጌይኑን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም።

ሶፍትዌር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ አንዳንዱ ፌዙን −180 ላይ ቆርጦ ከ+180 ያስጀምረዋል። ኩርባው ድንገት ሽቅብ ከዘለለ 360 ቀንሶ ማንበብ ነው። ኩርባው 0 ዴሲቤልን ከአንድ ጊዜ በላይ ካቋረጠ፣ ወይም ሥርዓቱ ያለ ፊድባክ ራሱ የሚወድቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ በጭራው የቆመ ሮኬት፣ ሁለቱን ማርጂኖች ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ እዚያ የናይኩዊስት ሥዕል ያስፈልጋል።