ዲቪ ላይ «ያላገባ» ብሎ መሙላት

የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ አጭር ነው። ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ፎቶ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ከዚያ የጋብቻ ሁኔታና የልጆች ብዛት፤ በቃ። ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ ለሌሎች የሚሞላው ወጣት ወረፋ ስላለበት ነገሩን ያሳጥረዋል። «አግብተሃል?» ይላል። «ሰማንያ አልተፈራረምንም» የሚል መልስ ይመጣል። «እንግዲያው ያላገባ ነህ» ብሎ ያልፋል። ብዙ ቪዛ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ደንቡ አመልካቹን በአንድ ቀን ይይዘዋል፤ ማመልከቻው በተላከበት ቀን። በዚያ ቀን ባል ወይም ሚስት ያለው ሰው መመዝገብ አለበት፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆቹንም በሙሉ እንዲሁ። በትዳር የተወለደ፣ ከትዳር ውጪ የተወለደ፣ የእንጀራ ልጅ፣ በሕግ የተወሰደ የጉዲፈቻ ልጅ፣ ሁሉም ይገባሉ። ልጁ አያቱ ዘንድ መኖሩ ወይም አሜሪካ የመሄድ ሐሳብ የሌለው መሆኑ ምንም አይለውጥም። ከግዴታው ውጪ የሆኑት የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው የትዳር ጓደኛና ልጆች ናቸው። መመዝገብ የነበረበት አንድ ሰው ከቀረ፣ ያ ሰው ብቻ ሳይሆን አሸናፊውም አብረውት ያመለከቱትም ቪዛ ይከለከላሉ።

በምሳሌ እንየው። ደሴ የሚኖር አንድ ሰው ጥር 15 ቀን 2014 በቤተ ክርስቲያን አገባ እንበል፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 23 ቀን 2022 ማለት ነው። የዲቪ 2024 ማመልከቻውን ኦክቶበር 20 ቀን 2022 «ያላገባ፣ ልጅ የለኝም» ብሎ ላከ። ጋብቻውን ያስመዘገበው ከዚያ በኋላ ኅዳር 15 ቀን 2015 (ኖቬምበር 24 ቀን 2022) ነው። ከሌላ ሴት የተወለደች የስድስት ዓመት ልጅም ወልድያ አያቷ ጋ አለችው። ዲቪው ደረሰው።

ሁለተኛው ቅጽ DS-260 ይባላል፤ እንደ መጀመሪያው አጭር አይደለም። የጋብቻን ቀን ይጠይቃል፤ አብረው የማይሄዱትን ጨምሮ ልጆችን ሁሉ ይዘረዝራል። ሰውየው የምዝገባውን ቀን ይዞ «ያገባሁት ዲቪ ከሞላሁ በኋላ ነው» ሊል ይችላል። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ግን ሃይማኖታዊውንም ባህላዊውንም ጋብቻ ያውቃል፤ ጋብቻው የሚጸናውም ሥነ ሥርዓቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ እንጂ ወረቀቱ ማኅተም ካገኘበት ቀን አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ማስረጃና የሠርጉ ፎቶግራፍ ጥር 2014ን ያሳያሉ። ለኒካሕም ለሽማግሌ ጋብቻም ነገሩ ያው ነው። ሚስቲቱ እንኳ ባትኖር የወልድያዋ ልጅ ብቻዋን ትበቃለች፤ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ የልጆች ቁጥር ዜሮ ነውና።

ያኔ የሚጠፋው ቪዛው ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ የዲቪ ክፍያ በሰው 330 ዶላር ነበር፤ አባት፣ ሚስትና ልጅ ሲሆኑ 990 ይሆናል፣ አይመለስም። ከቃለ መጠይቁ በፊት የተከፈለው የሕክምና ምርመራም እንዲሁ።

በተቃራኒው በኩል የሚሳሳቱም አሉ። አገራችን ውስጥ የእህትን ልጅ አሳድጎ «ልጄ» ማለት ያለ ነው፤ ይህ ማለት ግን ፍርድ ቤት ያጸደቀው ጉዲፈቻ አለ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ እንደ ወለዱት ተደርጎ ከተመዘገበ ቆንስላው የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል። በእጮኝነት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያላገባ ነው፤ እጮኛውን እንደ ሚስት ቢያስገባ መዝገቡ ሐሰት ይሆናል።

ከማመልከቻው በኋላ የመጣ እውነተኛ ለውጥ ግን ችግር የለበትም። በኋላ የተወለደ ሕፃን በልደት ማስረጃው DS-260 ላይ ይጨመራል። ከዲቪ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ይፈቀዳል፤ ሆኖም ለዲቪ ሲባል ብቻ የሚደረግ ጋብቻ ስለሚበዛ ቆንስላው ጥንዶቹን አጥብቆ ይመረምራል። የተዋወቁበትን፣ የተቀጣጠሩበትን፣ ሠርግ ላይ የነበሩትን ሰዎች ለየብቻ ሊጠይቃቸው ይችላል።

ቀኖቹን ሲሞሉ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ያጠምዳል። ጥር አምስተኛ ወር ነው ብሎ «15/5/2014» ብሎ የገለበጠ ሰው ሠርጉን ሜይ 2014 ላይ አድርጎታል፤ በዚያ ቀን ሙሽራዋ ገና ተማሪ ልትሆን ትችላለች። አስቀድሞ በአንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ሰው ስም እንደ ፓስፖርቱ፣ የልደትና የጋብቻ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ለሚሞላው ሰው ማቀበል ይህን ያስቀራል። የተላከ የዲቪ ማመልከቻ አይታረምም፤ «ላርመው» ብሎ በዚያው ዙር ሁለተኛ የላከም ሁለቱንም ያጣል።