ሙቀት የሚያፈጥነው በር

በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ መግቢያ በር አንድ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ጠዋት በዝግታ ተጠግቶ በጸጥታ ይገጥማል፤ ከቀትር በኋላ ግን ሕንፃውን እያናወጠ ይላተማል። ጥፋቱ በነፋስ ወይም በበሩ ክብደት ይሳበባል። እኛ ግን ምክንያቱን ከበሩ ራስጌ በተገጠመው ሣጥን፣ በተለምዶ ዶር ክሎዘር በሚባለው መሣሪያ ውስጥ እንፈልጋለን።

በሣጥኑ ውስጥ ሞላ፣ ፒስተንና ዘይት አሉ። በሩን ስንከፍት ሞላው ይታመቃል፤ ስንለቀው ተዘርግቶ በሩን ለመዝጋት ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ ፒስተኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ያሾልከዋል፤ የበሩ ፍጥነት የሚገታውም በዚሁ ነው። ኃይሉ የሞላው፣ ልጓሙ የዘይቱ ነው ማለት ይቻላል። ዘይት ሲሞቅ ደግሞ ይቀጥናል፤ በቀዳዳው በቀላሉ ያልፋል፤ ልጓሙም ይላላል። በሰመራ በሞቃቱ ወራት የጥላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ ያልፋል፤ ፀሐይ የመታው ላሜራ ደግሞ ከአየሩ ይበልጥ ይሞቃል። የአውሮፓው ደረጃ ኢ.ኤን. 1154 ግን የመሣሪያውን የሙቀት ጠባይ የሚፈትነው እስከ 40 ዲግሪ ነው።

አሁን አንድ በር እንመዝን። ወርዱ 1.10 ሜትር፣ ቁመቱ 2.10 ሜትር፣ በሁለቱም ፊት 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ የለበሰ ነው እንበል። ስፋቱ 2.31 ካሬ ሜትር ስለሆነ ላሜራው ብቻ 54 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የውስጡ ብረትና ቁልፉ ሲጨመሩ ወደ 80 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በደረጃው መሠረት ቁጥር 4 ክሎዘር እስከ 1.10 ሜትር ወርድና 80 ኪሎ ግራም፣ ቁጥር 5 ደግሞ እስከ 1.25 ሜትርና 100 ኪሎ ግራም ያገለግላል። በራችን በቁጥር 4 ጠርዝ ላይ ስለቆመ ቁጥር 5ን፣ ወይም ኃይሉ በብሎን ከ3 እስከ 6 የሚስተካከለውን እንመርጣለን።

ከዚህ በላይ መጨመር ግን ዋጋ አለው። ሞላው በበረታ ቁጥር በሩን መክፈት ለሕፃናትና ለአረጋውያን ይከብዳል። ነፋስንም አያሸንፍም። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይህን በር በ68 ኒውተን ሜትር ያህል ሊያሽከረክረው ይችላል፤ ቁጥር 5 ክሎዘር በሩ ሊገጥም ሲል እንዲሰጥ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ኃይል 37 ኒውተን ሜትር ነው። ስለዚህ ለነፋስ የሚበጀው የበዛ ሞላ ሳይሆን በደንብ የሚይዝ የቁልፍ ምላስ፣ በሩ ሲከፈት ፍጥነቱን የሚገታ ቫልቭ ያለው ክሎዘርና ወለል ላይ የተተከለ ማቆሚያ ናቸው።

ለሙቀቱ ሦስት ነገሮችን እንመክራለን። ከሙቀት ጋር ብዙም የማይለዋወጥ ዘይት ወይም ሙቀትን የሚያካክስ ቫልቭ ያለውን መሣሪያ እንምረጥ። በተቻለ መጠን ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ በኩል እናስገጥመው። ማስተካከሉን ደግሞ በጠዋት ሳይሆን በቀኑ እጅግ ሞቃት ሰዓት እናድርገው። ቫልቮቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ዋናውን ጉዞ፣ ሁለተኛው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዲግሪዎች ይገዛል። በካቻቢቴ ሩብ ዙር እየዞርን፣ በሩ ከ90 ዲግሪ ተነሥቶ ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ውስጥ እስኪገጥም እንሞክራለን። በማግስቱ ጠዋት ይዘገያል፤ ቁልፉ እስከያዘ ድረስ ግን መዘግየቱ ጉዳት የለውም። ቫልቩን ከልክ በላይ ማላላት ዘይቱን ያፈሳል። በሣጥኑ ሥር የዘይት ጠብታ ከታየና በሩ ቫልቩ ቢጠብቅም የሚላተም ከሆነ መሣሪያው አብቅቶለታልና ይለወጥ።

የቀረው በሩን ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው። ለነፋሻ አየር ሲባል ከማጠፊያው አጠገብ ድንጋይ የሚሸጎጥበት ጊዜ አለ። ድንጋዩ ከማጠፊያው 10 ሴንቲ ሜትር፣ የሚገፋው እጅ 1 ሜትር ቢርቅ፣ በድንጋዩ ላይ የሚያርፈው ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ማጠፊያውም ብየዳውም ይላላሉ። ከዚህ ይልቅ በሩን በተወሰነ አንግል የሚይዝ ክንድ ያለው ክሎዘር መግዛት ይቻላል። ሆኖም ይህ ክንድ በራሱ አይለቅም። በሩ እሳትና ጭስ ወደ ደረጃው እንዳይገባ የሚከለክል ከሆነ ሊገጠምበት አይገባም። ለእንዲህ ያለው በር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ይሻላል፤ የጭስ ጠቋሚው ሲያስጠነቅቅ ወይም መብራት ሲጠፋ በሩን ይለቀዋል፤ ክሎዘሩም ይዘጋዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር በሩ መዘጋቱ ነዋሪውን ያሰለች ይሆናል፤ ጭስ በተነሣ ቀን ግን ደረጃውን ለመውጫ የሚያተርፈው ይኸው ጠባዩ ነው።