ቆጣሪው ከዜሮ ሲነሳ

የመብራት ቆጣሪ አንባቢው በር አንኳኩቶ ገባና ቆጣሪው ላይ 8,412 የሚል ቁጥር አየ እንበል። ቤቱ በወሩ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተጠቀመ ይህ ቁጥር ብቻውን አይነግረውም። ያለፈው ወር ንባብ 8,212 መሆኑን መዝገቡ ላይ ካየ በኋላ ነው 200 ብሎ የሚጽፈው።

የድረ ገጽ ሰርቨርም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ቆጣሪ ነው። ከተጠቃሚ አንድ ጥያቄ በደረሰው ቁጥር ቆጣሪው በአንድ ከፍ ይላል፣ ሰርቨሩ እስካልተቋረጠ ድረስም አይቀንስም። እንዲህ መደረጉ ጥቅም አለው፦ አንባቢው አንድ ቀን ቢቀር እንኳ የሚቀጥለው ንባብ የቀረውን ይዞ ይመጣል። ችግሩ ባለሙያው ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር መሆኑ ላይ ነው። ጠቅላላ ድምሩ ሳይሆን አሁን በሰከንድ ስንት ጥያቄ እየመጣ እንዳለ ነው የሚያሳስበው።

የቆጣሪ አንባቢውን ሥራ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች አንዱ ፕሮሜቲየስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውንድክላውድ በተባለው የሙዚቃ ድርጅት ውስጥ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ማንም በነፃ ይጠቀምበታል። በየሰርቨሩ እየዞረ፣ ለምሳሌ በየ15 ሰከንዱ፣ ቆጣሪውን አንብቦ ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል። ፍጥነቱን ለማወቅ የሚጻፈው መጠይቅ አጭር ነው፦

```
rate(http_requests_total[1m])
```

በቅንፉ ውስጥ ያለው ስም የቆጣሪው ነው። `[1m]` ደግሞ ያለፈውን አንድ ደቂቃ ንባብ ሁሉ አምጣ ማለት ነው። በደቂቃው 5ኛ፣ 20ኛ፣ 35ኛ እና 50ኛ ሰከንድ ላይ 48,200፣ 48,350፣ 48,500 እና 48,650 ተነበበ እንበል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንባብ 450 ጥያቄ ተጨምሯል፣ 45 ሰከንድም አልፏል። ስለዚህ መልሱ በሰከንድ 10 ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ የደቂቃዋን ርዝመት ልብ ይሏል። በየ15 ሰከንዱ ለሚነበብ ቆጣሪ `[15s]` ብሎ የጻፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ባዶ ግራፍ ያገኛል፤ አንድ ንባብ ብቻውን ልዩነት የለውምና። ባለሙያዎች የንባቡን ልዩነት ቢያንስ አራት እጥፍ የሚወስዱት አንድ ንባብ ቢጎድል እንኳ ለስሌት የሚበቃ እንዲተርፍ ነው። መስኮቱን ወደ አምስት ደቂቃ ማስፋትም ዋጋ አለው፦ ግራፉ ይረጋጋል፣ ግን ለጥቂት ሰከንድ የመጣ ግርግር በአማካዩ ውስጥ ይሰወራል።

አሁን ሰርቨሩ መሃል ላይ ጠፍቶ ተነሣ እንበል። ቆጣሪው ከዜሮ ስለሚጀምር ንባቡ 48,200፣ 48,350፣ 40፣ 190 ይሆናል። የመጨረሻውን ከመጀመሪያው በቀጥታ የቀነሰ ሰው ከዜሮ በታች 48,010 ያገኛል፤ ይህም ትርጉም የለውም። `rate` ግን ቁጥሩ ሲወርድ ካየ ቆጣሪው እንደ አዲስ መጀመሩን ይረዳል። 150፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 150 ደምሮ 340 ያወጣል፣ ለ45 ሲካፈል በሰከንድ ወደ 7.6 ይጠጋል።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ሰርቨሮቹ ከአንድ ሲበልጡ ነው። ሁለተኛው ሰርቨር ሳይቋረጥ 30,000፣ 30,150፣ 30,300፣ 30,450 አሳይቷል እንበል። የሁለቱን ቆጣሪ አስቀድሞ የደመረ ሰው 78,200፣ 78,500፣ 30,340፣ 30,640 ያገኛል። `rate` ይህን ድምር ሲያይ አንድ ትልቅ ቆጣሪ ከዜሮ ተነሥቶ 30,340 የደረሰ ይመስለዋል። ጤነኛው ሰርቨር ከድሮ ጀምሮ ያጠራቀመው ሁሉ በ15 ሰከንድ ውስጥ እንደመጣ ተቆጥሮ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 688 ይዘላል። እውነተኛው ግን 17.6 ገደማ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ፍጥነት መጀመሪያ፣ ድምር ኋላ ነው፦

```
sum(rate(http_requests_total[1m]))
```

የመጠይቅ ቋንቋው `rate(sum(http_requests_total)[1m])` ብሎ የጻፈን ሰው እዚያው ይመልሰዋል። ስህተቱ ሾልኮ የሚገባው ድምሩ አስቀድሞ ተሰልቶ በሌላ ስም ሲቀመጥና በኋላ `rate` ሲሠራበት ነው። ግራፉ ላይ እንደ ምሰሶ የቆመ ጫፍ የታየው ሰው ያን ሰዓት ሰርቨር ጠፍቶ ተነሥቶ እንደሆነ `resets(http_requests_total[1h])` ብሎ ሊያጣራ ይችላል፤ ቆጣሪው በሰዓቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደወረደ ይነግረዋል።

ትክክለኛው መጠይቅም ቢሆን የማይመልሰው ነገር አለ። የመጨረሻው ንባብ 48,350 ከተመዘገበ በኋላ ሰርቨሩ እስኪጠፋ ድረስ የመጡት ጥያቄዎች ከቆጣሪው ጋር አብረው ጠፍተዋል። 90 ይሁኑ 9፣ ከሚቀጥለው 40 ላይ ሊነበብ አይችልም።