«ካስቀየምኩሽ» ወይስ «ስላስቀየምኩሽ»?

ቅዳሜ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ተነስተን ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ አብረን ሽቅብ የምንራመድ አንዲት እናት አሉ። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆም አሉና ስልካቸውን ከሹራባቸው ኪስ አውጥተው «እስቲ አንብቢልኝ፤ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?» አሉኝ።

ለሴት ልጃቸው የላኩት መልእክት ነበር። «ልጄ፣ ቅር ያሰኘሁሽ ነገር ካለ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽ ነኝ፤ ክፉ አላስብልሽም» ይላል። ከሥሩ የልጅቱ መልስ አለ፤ ሁለት ቃል ብቻ፦ «ካለ? እማዬ!» ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደወለችም። እሑድ እሑድ ይመጡ የነበሩት የልጅ ልጆችም ቀርተዋል።

«ይቅርታ ጠየቅኳት እኮ!» አሉ እናትየዋ። «ሰው ከዚህ በላይ ምን ይላል?»

መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምን እንደተፈጠረ ግን ከመልእክቱ ማወቅ አልቻልኩም። መጠየቅ ነበረብኝ። እሳቸውም ስማቸው እንዳይጠቀስ አደራ ብለው ታሪኩን እንድጽፈው ፈቀዱልኝ።

ልጃቸው አያት አካባቢ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ባለቤቷ ሥራ ካጣ አራት ወር ሆኖት ነበር። ይህንን ለእናቷ ብቻ ነገረቻቸው፤ «እማዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ብላም ለመነቻቸው። እናት አንድ ቀን ቡና ላይ ለእህታቸው አወሩት። ወሬው ከእህት ወደ ዘመድ፣ ከዘመድ ወደ ባልየው እናት ጆሮ ለመድረስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ባልየው እናቱ ደውላ ስትጠይቀው አፈረ፤ ባልና ሚስትም ክፉኛ ተጣሉ።

እንግዲህ የዚህች ልጅ ቤት ታውኳል። በዚህ ላይ «ቅር ያሰኘሁሽ ነገር ካለ» የሚል መልእክት ሲደርሳት ምን እንደምታነብ እናስብ። እናቷ ነገሩ መኖሩንም ገና አላመኑም ማለት ነው።

በአማርኛችን ይቅርታን የሚያላሉ ቅድመ ሁኔታዎች ብዙውን ጊዜ በሦስት መልክ ይመጣሉ። የመጀመሪያው «ቅር ብሎሽ ከሆነ» የሚለው ነው። ይህ የሌላውን ሰው ስሜት ጥያቄ ውስጥ ይከታል። ጥፋቱን ከተናጋሪው አንስቶ ወደ ተበዳዩ ልብ ያዞረዋል፤ እኔ ምንም አላደረግሁም፣ አንቺ ግን ሆደ ባሻ ከሆንሽ እንግዲህ ይቅርታ እንደማለት ነው። ሁለተኛው «አጥፍቼ ከሆነ» ነው። ይህኛው ጥፋቱን ራሱን ይጠራጠራል፤ ተበዳዩንም እንደገና ማስረጃ አምጣ ይለዋል። ሦስተኛው የእኚህ እናት ነው፤ «ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ»። ነገሩ ስም የለውም። ስም የሌለውን ነገር ደግሞ ማንም ይቅር ሊል አይችልም።

ቃሉን ራሱን ብናየው ይህ ግልጽ ይሆናል። «ይቅር» ማለት ይተው፣ ከእንግዲህ አይነሳ ማለት ነው። ይቅርታ ስንጠይቅ ሌላውን ሰው «ይህንን ተይልኝ» እያልን ነው። ታዲያ የሚቀረው ምኑ ነው? ያንን ሳንናገር «ይቅር በይኝ» ስንል ያለፈውን የማስታወስ ሥራ ለተበደለው ሰው እንሰጠዋለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንዲሉ፣ እሱ መቼም አልረሳውም። ሊሰማ የሚፈልገው የወጋው ሰው ማስታወሱን ነው።

ሽማግሌዎቻችን ይህንን ያውቁታል። ሽምግልና ሲቀመጡ የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማሉ፤ አጥፊው ጥፋቱን እንዲያምን ያደርጋሉ፤ ካሳ ካለ ካሳውን ይቆርጣሉ፤ ይቅርታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በብዙ የአማራ አካባቢዎች በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳይ ፊት የሚቀርብበት ልማድ አለ። ድንጋይ ተሸክሞ «አጥፍቼ ከሆነ» የሚል ሰው ግን የለም። ድንጋዩ ራሱ አጥፍቻለሁ ማለት ነውና።

የውጭ ተመራማሪዎችም ከዚህ ብዙም ያልራቀ ነገር አግኝተዋል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ላዛር እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ይቅርታ ባሳተሙት መጽሐፍ በቅድመ ሁኔታ የታሰረን ይቅርታ ይቅርታ መሳይ ነገር እንጂ ይቅርታ አይደለም ከሚሏቸው ጋር መድበውታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሮይ ሌዊኪና ባልደረቦቻቸው 755 ሰዎችን አሳትፈው የይቅርታን ስድስት ክፍሎች መዘኑ፦ መጸጸትን መግለጽ፣ ምን እንደተፈጠረ ማስረዳት፣ ኃላፊነት መውሰድ፣ ዳግም ላለማጥፋት ቃል መግባት፣ ለማስተካከል መነሳት፣ በመጨረሻም ይቅር በሉኝ ብሎ መለመን። ከሁሉም የበለጠ ክብደት ያገኘው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነው። ሁለተኛ የወጣው የተበላሸውን ላስተካክል ማለት ነው። የመጨረሻውን ደረጃ የያዘው ይቅር በሉኝ የሚለው ልመና ነው።

ጥናቱ በሥራ ቦታ ስህተት ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ስለሆነ እንዳለ ወደ ቤተሰብ አይገለበጥም። ለእኛ ግን አንድ ነገር ይጠቁማል። በአማርኛ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ራሱ ልመና ነው። ይህንን ብቻ የጻፈ ሰው በጥናቱ መሠረት ደካማውን ክፍል ብቻ ጽፏል ማለት ነው። «ከሆነ»ን ሲጨምርበት ደግሞ ዋናውን ክፍል፣ ጥፋቱን ማመኑን፣ ይሰርዘዋል።

ወደ እናትየዋ መልእክት እንመለስ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አብረን እንደገና መጻፍ ጀመርን። በመጀመሪያ «ካስቀየምኩሽ» የሚለውን አውጥተን «ስላስቀየምኩሽ» አደረግነው። «ከ» ወጥታ «ስለ» ስትገባ ጥርጣሬው ይጠፋል። እሳቸውም ጮክ ብለው አነበቡትና «ይሄ ከበድ ይላል» አሉ። የከበደው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት ስለሆነ ነው።

ይሁንና «ስላስቀየምኩሽ» ብቻውን አይበቃም። አሁንም የሚያወራው ስለ ልጅቱ መቀየም እንጂ ስለ እናትየዋ ሥራ አይደለም። ስለዚህ «ምን አደረጉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ወሬው ወጣ» አሉ። ወሬ በራሱ እግር አይወጣም። «ለእህቴ ነገርኳት» እስኪሉ ድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። «ወጣ»፣ «ተበላሸ»፣ «አለመግባባት ተፈጠረ» የሚሉት ቃላት አድራጊውን ይደብቃሉ። «ነገርኳት»፣ «አበላሸሁት»፣ «ሰደብኩህ» የሚሉት ግን «እኔ»ን ይዘው ይመጣሉ።

«እናትሽ ነኝ፤ ክፉ አላስብልሽም» የሚለውንም አወጣነው። እውነት ነው፤ ግን ማንም ክፉ አስበዋል አላላቸውም። ለልጅቱ የሚነግራት «ልትቀየሚኝ አይገባም» የሚለውን ነው። «ተጨንቄ ነው እንጂ» ብለው ሊጨምሩ ሲሉም ተውነው፤ «እንጂ» እና «ግን» ፊታቸው ያለውን ሁሉ ይሰርዛሉ። ጭንቀታቸውን ልጅቱ ከጠየቀች በቃል ሊነግሯት ይችላሉ።

በመጨረሻ የተጻፈው ይህ ነው፦

«ልጄ፣ ባለቤትሽ ሥራ ማጣቱን ለማንም እንዳልናገር ለምነሽኝ ነበር። እኔ ግን ለእህቴ ነገርኳት። በእኔ ምክንያት ወሬው አማትሽ ጋ ደረሰ፤ እሱ አፈረ፤ እናንተም ተጣላችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለእህቴ ደውዬ ነገሩን ከእንግዲህ እንዳታነሳው ነግሬያታለሁ። ባለቤትሽንም ራሴ ይቅርታ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ መቼ እንደሚሻል አንቺ ንገሪኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ለመመለስ አትቸኩይ።»

ለእህታቸው የደወሉት መልእክቱን ከመላካቸው በፊት ነው፤ ያልተደረገን ነገር ተደርጓል ብሎ መጻፍ ሌላ ጥፋት ነውና። «ለመመለስ አትቸኩይ» የሚለውም በዋዛ አልገባም። ይቅርታ ጠይቆ ወዲያው መልስ መጠበቅ፣ ቀጥሎም «ታዲያ ይቅር አልሽኝ?» እያሉ መወትወት፣ የተበደለውን ሰው ባለዕዳ ያደርገዋል።

ልጅቱ ለሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን «አነበብኩት እማዬ። እሱን እሑድ ታናግሪዋለሽ» የሚል መልስ ላከች። እሑድ ሄዱ፤ አማችየውንም በረንዳው ላይ ለብቻው አናገሩት። የልጅ ልጆቹ አሁን እንደ ድሮው ይመጣሉ። ልጅቱ ግን እስከ ዛሬ ለእናቷ ምስጢር አልነገረችም። ጥሩ ይቅርታ በር ይከፍታል እንጂ የፈረሰን አመኔታ በአንድ ቀን አይገነባም፤ እናትየዋም ይህንን አውቀው ዝም ብለዋል።

ታዲያ «ከሆነ» ፈጽሞ አይጻፍም ማለት ነው? አይደለም። የሰውየው ፊት ተለውጦብን ምክንያቱን በእውነት ካላወቅን «ከሆነ» ቦታው ጥያቄ ውስጥ ነው። ለምሳሌ አንዲት ምራት ለአማቷ «እማማ፣ እሑድ ከእኛ ቤት ከሄዱ ወዲህ ዝም አሉኝ። ያጠፋሁት ነገር እንዳለ ይንገሩኝ» ብላ ብትጽፍ ይቅርታ ሳይሆን ጥያቄ ጻፈች። ይቅርታው መልሱን ከሰማች በኋላ ይመጣል። በበዓል ዋዜማ ወይም ሩቅ አገር ሲኬድ የምንለው «በማወቅም ባለማወቅም ያስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ» የሚለውም መልካም ልማድ ነው፤ ለማናስታውሰው ጥፋት ይሆናል። ለምናስታውሰው ጥፋት መሸሸጊያ ስናደርገው ግን ሰሚው ያውቅብናል።

ለልጆችም ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ይቀላል። ሾላ ገበያ ስንሄድ ይዘንህ እንሄዳለን ያልነውን ሕፃን ጥለነው ብንሄድ፣ «ከፍቶህ ከሆነ ይቅርታ» ከማለት «እወስድሃለሁ ብዬህ ጥዬህ ሄድኩ፤ ቃሌን አልጠበቅኩም። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን» ማለት ይሻላል። ልጁ እህቱን ሲመታም «ይቅርታ በላት» ብለን ከማስቸኮል «ምን አደረግህ?» ብለን እንጠይቀው። «መታኋት» ካለ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

መልእክታችሁን ከመላካችሁ በፊት አንድ መፈተኛ አለ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ቢያነበው ምን እንዳጠፋችሁ ይገባዋል? እኔ በዚያ ዳገት ላይ የመጀመሪያውን መልእክት አንብቤ «ምንድን ነው የሆነው?» ብዬ ነበር። ሁለተኛውን ያነበበ ሰው ይህንን አይጠይቅም።